የቀድሞ ዜግነት፦ ኢትዮጵያ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቨርጂኒያ ቃለ መሐላ ፈጽሜ የአሜሪካ ዜጋ ሆንኩ። ደስ ብሎኛል። ግን ከመሐላው በፊት የሆነው ነገር ከዓይኔ አልጠፋም።

«የአገራችሁ ስም ሲጠራ ተነሡ» አሉን። ጥሪው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ቦሊቪያ፣ ኤል ሳልቫዶር እያለ መጣ። ኤርትራ ሲባል ልቤ መምታት ጀመረ፤ ቀጥሎ እኛ ነን። «ኢትዮጵያ!» አምስት ሰዎች ተነሣን። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ዞር ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። አንተዋወቅም፤ ግን እንባዬ መጣ። በኢትዮጵያዊ ዜግነቴ ስቆም የመጨረሻዬ መሆኑን አውቄዋለሁ።

ከዚያ ቀኝ እጃችንን አነሣን። መሐላው ለሌላ አገር ያለኝን ታማኝነት እንድተው ይጠይቃል። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ። ግሪን ካርዴን አስረክቤ የዜግነት ምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ። ወረቀቱ ላይ «የቀድሞ ዜግነት» የሚል መስመር አለ። ኢትዮጵያ ይላል። «የቀድሞ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት።

የአገራችን ሕግም ያው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል።

ታዲያ ለምን አደረግሽው የሚለኝ ካለ፣ ለእናቴ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ልጅ ለወላጁ ማመልከት አይችልም። ዜጋ ከሆነና 21 ዓመት ከሞላው ግን ይችላል። አምስት ዓመት ሙሉ ይቺን ቀን የጠበቅኩት ለዚህ ነው። በዚህ ደግሞ እኮራለሁ።

ማታ ደወልኩላት። እልል አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና «አሁን እንግዲህ ወደ ቤትሽ ስትመጪ ቪዛ ልትጠይቂ ነው?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ቢጫ ካርድ አወጣለሁ።»

የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው። በእሱ ያለ ቪዛ እገባለሁ፤ ቤት መግዛት፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት እችላለሁ። አገሬ ላይ መምረጥና መመረጥ ግን ቀረ። ይሄኛው ያመኛል፤ አልደብቀውም። እዚህ ድምፅ አገኘሁ፣ እዚያ አጣሁ። ለእማዬም ነገርኳት።

«እሱ ይቆይ፤ ለፋሲካ ትደርሻለሽ ወይ?»

ለመድረስ መጀመሪያ የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣት አለብኝ። ለዚያ በአካል ቀርቤ የምስክር ወረቀቱን ዋናውን ከማመልከቻው ጋር አስረክባለሁ፤ ኋላ ይመልሱልኛል። ከዚያ ለቢጫ ካርዱ ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃዬ ያው የድሮው ፓስፖርቴ ነው። ከእንግዲህ አልጓዝበትም፤ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚመሰክርልኝ እሱ ነው። አሁን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፎቶዬ ላይ ያለው ሹሩባ የእማዬ እጅ ነው፤ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የሠራችልኝ።