«እየሄደ ነው» ካልኩ በኋላ ለባልደረባዬ የጻፍኩት ይቅርታ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አገር በቀል ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ነው። በየሩብ ዓመቱ ለለጋሹ የሚላከውን ሪፖርት ሁለት ሰዎች እናዘጋጃለን። እኔ የበጀትና ወጪ ማነጻጸሪያ ሰንጠረዡን እሠራለሁ፤ ባልደረባዬ የሥራ አፈጻጸሙን ትጽፋለች፣ የእኔን ቁጥሮች ከእሷ ጽሑፍ ጋር ታገናኛለች፣ ሙሉውንም ለለጋሹ ትልካለች። የእኔ ሰንጠረዥ ካልደረሰ እሷ የትኛው ሥራ በስንት ብር እንደተሠራ መጻፍ አትችልም። በዚያ ሩብ ዓመት ሰንጠረዡን ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ላስረክባት፣ እሷ ደግሞ ዓርብ ለለጋሹ ልትልክ ተስማምተን ነበር።

አላስረከብኩም። ለመስክ ሠራተኞች የተሰጠ ቅድመ ክፍያ ወጪ ሆኖ የሚመዘገበው ደረሰኝ ቀርቦበት ሲወራረድ ነው፤ የሁለት መስክ ቢሮዎች ሂሳብ ደግሞ አልተወራረደም ነበር። ለማክሰኞ እንደማልደርስ ያለፈው ዓርብ ገብቶኛል። ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም «ሰንጠረዡ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን «እየሄደ ነው» ብዬ መለስኩላት። ማክሰኞ 11 ሰዓት ሲያልፍ ዝም አልኩ። ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ሁላችንም ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሪፖርቱ ለምን ዘገየ?» ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀውም እሷን ነው።

ይቅርታ ልጽፍላት የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የወጣልኝ ይህ ነበር፦

«ሰላም እህቴ፣ ሰንጠረዡ በመዘግየቱ በጣም ይቅርታ። መስክ ቢሮዎቹ ደረሰኝ አዘገዩብኝ፣ እኛም ሰፈር መብራት ሄዶ ነበር፣ ሳምንቱ ራሱ እንደምታውቂው ነው። ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ አዝናለሁ። እባክሽ እንዳትቀየሚኝ፣ ይቅር በይኝ። በቅርቡ እልክልሻለሁ።»

እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ደረሰኙ ዘግይቷል፣ መብራትም ሄዷል። ሆኖም ደግሜ ሳነበው እኔ የሌለሁበት መልእክት ሆኖ አገኘሁት። ሰንጠረዡ ራሱ ዘገየ፣ መጉላላቱ ራሱ ተፈጠረ፣ ደረሰኙን ሌሎች አዘገዩ። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለውን ሁላችንም ከማስታወቂያ እናውቀዋለን፤ ማን እንዳጉላላን ሳይናገር ይቅርታ የሚጠይቅ አባባል ነው። ለአንዲት አጠገቤ ለምትሠራ ሴት ይህን መላክ አልነበረብኝም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየወሰድኩ፣ ይህን ማወቋ ለእሷ ሥራ ይጠቅማታል ወይስ የእኔን ጭንቀት ብቻ ያቀልልኛል ብዬ ጠየቅኩ። የመብራቱ ነገር ለእሷ ምንም አይሠራላትም፤ ወጣ። ሳምንቱ ለእሷም ያው ሳምንት ነበር፤ ወጣ። የደረሰኙ ጉዳይ ግን አስቸገረኝ፤ የመዘግየቱ ምክንያትም ነው፣ እሷ ልታውቀው የሚገባ ሐቅም ነው። ሂሳቡ ካልተወራረደ የሁለቱ ቢሮዎች ወጪ ከተሠራው ሥራ አንሶ ይታያል፤ ይህን ሳታውቅ ብትጽፍ ጽሑፉና ቁጥሩ ይጋጫሉ። በመጨረሻ ያቆየሁት «አዘገዩብኝ» የሚለውን ትቼ ያልተወራረደው ገንዘብ ሰንጠረዡ ላይ እንዴት እንደሚታይ ብቻ በመናገር ነው። ያው አንድ ሐቅ መጀመሪያ ላይ ሲገባ ሰበብ ይሆናል፤ ሥራው ያለበትን ሁኔታ ከሚገልጸው ክፍል ሲገባ መረጃ ይሆናል።

ከዚህ የከበደኝ ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ምን እንደሆነ መለየት ነበር። እስከዚያች ሰዓት ጥፋቴ መዘግየት ይመስለኝ ነበር። ሥራ ይዘገያል፤ ለጋሾችም አስቀድሞ ከተነገራቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ይጨምራሉ። ሰኞ እውነቱን ብነግራት ኖሮ ያንኑ ዕለት ደብዳቤ ጽፋ ቀን ታስጨምር ነበር። እኔ «እየሄደ ነው» ስላልኳት አልጠየቀችም። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው መጠየቅ ደግሞ ድርጅቱንም እሷንም ያሳፍራል። የጎዳኋት በዚያች አጭር መልስ ነው። ያቺን መልስ ትቼ ስለ ማክሰኞው ብቻ ይቅርታ ብጠይቅ ዋናውን ሸፍኜ ማለፍ ይሆን ነበር።

«ይቅር በይኝ» የሚለውንም አወጣሁት። በእኛ ዘንድ ይቅር በይኝ የተባለ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል፤ ውስጡ እየነደደ እንኳ «ኧረ ምንም አይደል» ይላል። በሥራ በተጨናነቀችበት ጠዋት እኔን የማጽናናት ግዴታ ልጭንባት አልፈለግኩም። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሮይ ሊዊኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር አለው። ይቅርታን በ6 ክፍሎች ከፍለው የትኛው ይበልጥ እንደሚሠራ ሲያዩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ኃላፊነት መውሰድ አንደኛ፣ የተበላሸውን ለማስተካከል መነሳት ሁለተኛ ወጣ፤ ይቅርታ እንዲደረግልኝ መለመን ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሆነ። ተሳታፊዎቹ የተሰጣቸውን ምናባዊ ታሪክ አንብበው ነው የፈረዱት፤ በየቀኑ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሰዎች መካከል ነገሩ ከዚያ ይወሳሰባል። እኔ ግን ከራሴ ጉዳይ ያየሁት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

«በቅርቡ» የሚለው ቃልም መሄድ ነበረበት። ቁጭ ብዬ የቀረውን ሥራ ቆጠርኩ፤ ረቡዕ ማታ ልጨርስ እንደምችል አየሁ። ቃል የገባሁት ግን ለሐሙስ ጠዋት ነው። አንዴ ቀን ካሳለፍኩ በኋላ የምሰጠው ሁለተኛ ቀጠሮ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል፤ እሱን ማፍረስ የይቅርታውን መልእክት ጭምር ያፈርሰዋል። በመጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

«ሰላም እህቴ። ሰንጠረዡን ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ አስረክባለሁ ብዬ አላስረከብኩሽም። እንደማልደርስ ዓርብ ዕለት አውቄ ነበር፤ ሰኞ ስትጠይቂኝ ግን ‹እየሄደ ነው› አልኩሽ። ያኔ እውነቱን ብነግርሽ ቀን ታስጨምሪ ነበር። ያን ዕድል ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት በእኔ ጥፋት አንቺ ተጠየቅሽ። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

የዋናው ቢሮ ወጪ አልቋል፣ አያይዤዋለሁ፤ ቁጥሮቹ ስለማይለወጡ በእነሱ መጻፍ ትችያለሽ። የሁለቱ መስክ ቢሮዎች ነገ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እጅሽ ይገባል። እስከዚያ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ካለ ወጪው ውስጥ አልጨምረውም፤ ከሰንጠረዡ ሥር ለብቻው አሳየዋለሁ።

የዘገየው በእኔ መሆኑን አሁን ግሩፑ ላይ ለሥራ አስኪያጁ እጽፋለሁ። ለዚህ መልስ መስጠት አይጠበቅብሽም።»

ግሩፑ ላይ የጻፍኩት ከዚህ ያጠረ ነው፦ «ሪፖርቱ የዘገየው እኔ የፋይናንስ ሰንጠረዡን በቀኑ ስላላስረከብኩ ነው። የአፈጻጸም ክፍሉ በጊዜው ተጽፎ የእኔን እየጠበቀ ነው። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት አስረክባለሁ።» እዚያ ላይ ይቅርታ አላበዛሁም። ይቅርታው ለእሷ በግል የሚነገር ነው፤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ቢረዝም ወደ እኔ ትሕትና ማሳያ ይዞራል፣ እሷንም ሰው ፊት መልስ እንድትሰጥ ያስገድዳታል። ሐቁ ግን ግሩፑ ላይ መስተካከል ነበረበት፤ የተጠየቀችው እዚያ ነውና። በግል ብቻ ይቅርታ ጠይቄ ግሩፑን ዝም ብል ኖሮ በሥራ አስኪያጁ ዘንድ ያዘገየችው እሷ እንደሆነች ትቀር ነበር። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ይመስለኛል።

ሥራው እስኪያልቅ ጠብቄ ሰንጠረዡንና ይቅርታውን አብሬ ልላክ ብዬም አስቤ ነበር፤ ባዶ እጅ ይዞ ይቅርታ መጠየቅ ያሳፍራል። ግን እስከ ሐሙስ ብጠብቅ እሷ ረቡዕን ሙሉ ምን እንደሚመጣላት ሳታውቅ ትውል ነበር። ያለቀውን ግማሽ አያይዤ መላኬ ቢያንስ ያን ቀን እንድትሠራበት አደረጋት።

የመለሰችልኝ «ደርሶኛል። 4 ሰዓት እንዳያልፍ» ብላ ነው። ምንም አይደለም አላለችም። ሌላ መልእክት ለመጨመር እጄ በላኝ፤ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ አጠገብ ሄጄ «የጻፍኩልሽን ከልቤ ነው የጻፍኩት፤ ነገ 4 ሰዓት» ብዬ ብቻ ተመለስኩ። በእኛ አገር ጽሑፍ ብቻውን ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው ፊት መቆም አለበት። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ አንቱ የምላት ሰው ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ በአካል ሄጄ ከዚያ ነበር የምጽፈው። ቡና ልጋብዝሽ ግን አላልኳትም። ግብዣ ተቀብሎ ማኩረፍ አይቻልም፤ ሥራዋ ሳይስተካከል እርቁን ማፋጠን ይሆንብኝ ነበር።

ሰንጠረዡን ረቡዕ ማታ ጨርሼ በማግስቱ ጠዋት በትኩስ ዓይን አይቼ ከ4 ሰዓት በፊት ላክሁላት። ከአንደኛው ቢሮ ጥቂት ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ ቀርቶ ነበር፤ እንዳልኳት ለብቻው አሳየሁት፣ እሷም በጽሑፏ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት። ሪፖርቱ ዓርብ ሄደ፤ ለዚያ ግን ሐሙስን እስከ ምሽት ቢሮ አመሸች። ለተወሰነ ጊዜም ከእኔ ጋር ስታወራ ቆጠብ ትል ነበር። ትክክል ነበረች፤ «እየሄደ ነው» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚናገረውን ወዲያው ማመን አይጠበቅባትም።

በሚቀጥለው ሩብ ዓመትም የአንድ ቢሮ ሂሳብ ሳይወራረድ የማስረከቢያው ሳምንት ደረሰ። ዓርብ ከምሳ በፊት እንዲህ ስል ጻፍኩላት፦ «የማክሰኞው ቀን ለአንድ ቢሮ አይደርስልኝም። የቀረው ሁሉ በቀኑ ይደርስሻል፤ እሱ ረቡዕ 9 ሰዓት። ቀን ማስጨመር የሚያስፈልግሽ ከሆነ ዛሬ ወስኚ።» ወዲያው ደወለችልኝ። ማስጨመር አላስፈለጋትም፤ የዚያን ቢሮ ክፍል መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ ብላ የሥራ ቅደም ተከተሏን እዚያው ስልክ ላይ አስተካከለች።