ለቅሶ ቤት የጮህኩት ለሟቹ አልነበረም

እስካሁን ሌሊት ትዝ ሲለኝ ትራሱን ፊቴ ላይ እጭናለሁ።

የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አርፈው ከሥራ ቀጥታ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ አግዳሚ ላይ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። እውነቱን ለመናገር ሟቹን በደንብ አላውቃቸውም። ሰላምታ ነበረን፣ አንዴም በውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ተኮራርፈናል። ንፍሮዬን በእፍኜ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ የሆነ እርጥብ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ውሻ!

ውሻ ማለትም ይከብዳል፣ ቡችላ ነው። እኔ የማደርገው ጫማ 43 ቁጥር ነው። ቡችላው ቢበዛ 39 ይሆናል። ቤት ገብቼ ጫማዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አመዛዝኜዋለሁ፣ 39 ያልኩትም ከነጅራቱ ነው። ጅራቱ ከተቀነሰ የልጆች ቁጥር ውስጥ ይገባል። ያውም ክፍት ጫማ።

እኔ ግን «ወይኔ! ወይኔ አባቴ!» ብዬ አግዳሚው ላይ ወጣሁ። ንፍሮው ተበተነ። ድንኳኑ ለአፍታ ጭጭ አለና አንዲት እናት ጩኸቴን ተቀብለው ለቅሶውን አስነሱት፣ ሴቶቹ በሙሉ እንደ አዲስ ተከተሉ። ሁለት ጎረምሶች ወገቤን ይዘው «አይዞህ፣ ራስህን አትጉዳ» ይሉኛል። የሟቹ ልጅ መጥቶ አቀፈኝ። «እንዲህ ትወደው ነበር?» አለኝ እንባ እየተናነቀው። ምን ልበል? ዓይኔ አግዳሚው ሥር ያለውን ጠላቴን እየተከታተለ «በጣም» አልኩ።

በዚሁ ባለፈ ጥሩ ነበር። አንድ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ግን «ኧረ ቡቺን ፈርቶ ነው!» ብሎ ቡችላውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አሳየ። ለሁሉም አሳየ። በየረድፉ እየዞረ።

እግረ መንገዴን ስለ አግዳሚው አንድ ነገር ልበል። አንድ እግሩ ካጠረ ዓመታት አልፈዋል፣ የቆመው በግማሽ ብሎኬት ነው። ስወጣበት ተንገዳገደና ተሰነጠቀ። እድሩ ማሠሪያውን እኔን አስከፈለኝ! መዋጮዬን በየወሩ ሳላዛንፍ እከፍላለሁ፤ ብሎኬቱን ያስቀመጠውን ግን የጠየቀ የለም።

ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ስቃ ሲበቃት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይዛኝ ሄደች። ሴትየዋ ሳትስቅ ሰማችኝ። (አግዳሚው ጋ ስደርስ ብቻ ውሃ ጠጣች።) ከዚያ ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ሽሽቴ ጠየቀችኝ። ውሻ ካለበት መንገድ ዞሬ እንደምሄድ፣ ኪሴ ውስጥ ጠጠር እንደማይጠፋ፣ ባለቤቴን ሁልጊዜ በውሻው በኩል እንደማስቀድም ተናዘዝኩ። ባለቤቴ የመጨረሻውን እዚያው ነው የሰማችው።

«ሲሸሹ ወዲያው ቅልል ይልዎታል አይደል?» አለችኝ። «አእምሮዎ ደግሞ ‹የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው› ብሎ ይመዘግባል። ውሻው ምንም ሳያደርግ ሊያልፍ ይችል እንደነበር የሚያይበት ዕድል አያገኝም።» ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርሃቴን ስቀልብ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን የፍርሃት መሰላል ሠራን። ዜሮ ማለት ሶፋ ላይ መተኛት፣ 100 ማለት አግዳሚ ላይ መውጣት። የውሻ ፎቶ ማየት 15 ሰጠሁት። ድምፁ የተከፈተ ቪዲዮ 30። ውሻው ታስሮ አሥር ሜትር ርቄ መቆም 50፣ ሁለት ሜትር 75፣ ጀርባውን መንካት 95። ከታች ተጀምሮ አንዱ ሲለመድ ወደሚቀጥለው ይወጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ጥንቸል የሚፈራ ጴጥሮስ የሚባል ሕፃን እንዴት እንዳለማመደች ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን እየበላ፣ ጥንቸሉን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያስጠጋች ነው፤ በመጨረሻ ጥንቸሉ ጣቱን ሲነካካው ዝም ማለት ቻለ። እኔም «ታዲያ የእኔ ክትፎ የታለ?» አልኩ። ምግብ የግድ አይደለም ተባልኩ። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ተፈቅዶ ለእኔ ሲሆን ቀረ።

እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ባለሙያዋ የምታውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ውሻዋ የተከተበች፣ ረጋ ያለች አሮጊት ናት። መጀመሪያ ይሆናል ብዬ የምፈራውን አጻፈችኝ። «በጥሳ መጥታ አንገቴን ትይዛለች፣ ዕድሉ 90 ከመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ጠጠሬን ተቀማሁ። አሥር ሜትር ላይ ቆምኩ። ልቤ እንደ ወፍጮ ቤት ይንጫጫል፣ ጉልበቴ የእኔ አይደለም። ቁጥሩን ስትጠይቀኝ 80 አልኩ። «አሁን ከሄዱ ሽሽቱን ነው የተለማመዱት» አለችና ቆየን። ሃያ ደቂቃ አካባቢ ሲሆን 45 ላይ ነበርኩ። ውሻዋ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሠራችው አንድ ነገር ማዛጋት ነው። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝና ከትንቢቴ ጎን የሆነውን አጻፈችኝ፦ «አዛጋች»።

በአምስተኛው ቀጠሮ ጀርባዋን ነካሁ። ሞቃት ናት። ይህን አልጠበቅኩም ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ውሻ ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር።

ድኛለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስመለስ አንድ የሰፈር ውሻ ከሱቁ ጀርባ ብቅ አለ። እኔ ሱቁ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ወዲያ! ባለሱቁ «ምን ልስጥህ?» አለኝ፣ ሳሙና ገዛሁ። በማግስቱ በንዴት ስደውል ባለሙያዋ አልደነገጠችም። የተማርኩት አንዲት ውሻ አንድ ግቢ ውስጥ እንደማትነክሰኝ ነው፤ ፍርሃቱ ቦታና ውሻ ሲቀየር ይመለሳል። ስለዚህ ሌላ ውሻ፣ ሌላ ግቢ፣ ጠዋትም ማታም ያስፈልጋል። ግን የማላውቀውን የመንገድ ውሻ ሄጄ እንድነካ አላዘዘችኝም። እብድ ውሻ በሽታ ያለበት አገር ነው። ከነከሰኝ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቤ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ እንድሮጥ ነገረችኝ። ሳሙናውማ አለኝ።

እዚህ ላይ የውሻ ባለቤቶችን አንድ ነገር ልጠይቅ። «አይነክስም» ስትሉን ምን እንድናደርግ ነው? የነከሳቸው ሰዎች ሁሉ ከመነከሳቸው በፊት ይህንኑ ሰምተዋል።

ከዚያ አርባው ደረሰ። መቅረት አይቻልም፤ በጣም እወዳቸው ነበር ብያለሁ። ድንኳኑ ያው፣ አግዳሚው በእኔ ገንዘብ ተጠግኗል። ቡቺም አድጎ 43ን አልፏል። ሲያየኝ ጅራቱን እየቆላ መጥቶ ጫማዬን አሸተተ። 70። እግሬን አላነሳሁም። አጠገቤ ተጋደመ። 60። ንፍሮዬን አንድ በአንድ መብላት ጀመርኩ። 40 አካባቢ ስደርስ ያ ልጅ መጥቶ ፊቴ ቆመ። እኔን አየ፣ ውሻውን አየ፣ አግዳሚውን አየ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አታለቅስም?»