ግሱ እስኪመጣ መጠበቅ

አሜሪካ ስኖር ዋናው እንጀራዬ ማስተርጎም ነበር፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ። አንድ ቀን አንዲት እናት ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለው «ያንን የግፊት ኪኒን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ...» ብለው ትንፋሽ ወሰዱ። እንግሊዝኛው ደግሞ ግሱን ቶሎ ስጪኝ ይላል፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳትናገር ስለ ቁርስና ስለ ጠዋት ብቻ ብታወራ ሰው ግራ ይገባዋል፣ እና እኔ ቀድሜ «ትወስዳለች» አልኩት። እሳቸው ጨረሱት፦ «...መውሰድ ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።» ወዲያው አረምኩት፣ ሐኪሙም የጻፈውን ሰረዘ፣ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኛ ቋንቋ ዋናውን ነገር ለምን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል የሚለው ጥያቄ ከዛ በኋላ አልለቀቀኝም።

ባለፈው አዲስ አበባ ስመጣ አራት ኪሎ ያሉትን አጎቴን ጠየቅኳቸው፣ ቄስ ናቸው፣ ግእዝ ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው የተማሩት። «አባ፣ ግእዝም እንደ አማርኛ ነው እንዴ ግሱ መጨረሻ ሚመጣው?» ስላቸው ኦሪት ዘፍጥረትን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፦ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ።» ከዛ በአማርኛ፦ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ።» «አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ገብረ እዚህ ከእግዚአብሔር በፊት ነው፣ ፈጠረ ግን እመጨረሻው ወርዷል።»

አረብኛም ጥንት እንደ ግእዙ ግስ የማስቀደም ልማድ አለው፣ ሴማዊ ቋንቋ ነዋ። አማርኛ ግን ዘመዶቹን ትቶ ጎረቤቶቹን መሰለ። አብዛኞቹ የቋንቋ አጥኚዎች የሚሉት ይሄ ከኩሽ ቋንቋዎች የመጣ ነው፣ በተለይ ከአገው። የደጋው ሕዝብ አገውኛ እየተናገረ ሴማዊውን ቋንቋ ሲቀበል ቃላቱን ወሰደ፣ ቃላቱን ሚደረድርበትን ልማድ ግን ከቤቱ ይዞ መጣ። ኦሮምኛውም እንደዛው ነው፣ «ቶላን ቢሻን ዹጌ»፣ ቶላ ውሃ ጠጣ፣ ግሱ መጨረሻ። ትግርኛም ጉራጌኛም ሐረሪም እንደ አማርኛ ግስ ያስከትላሉ።

ለውጡ ደሞ ግሱ ላይ ብቻ አልቆመም። ከአጎቴ ቤት ወጥቼ ወደ ታች ስወርድ ያየሁት ቤተ መንግሥት ነው፣ እና እዛው መንገድ ላይ ቆምኩ። ቤተ መንግሥት የግእዝ አሠራር ነው፣ ቤት ይቀድማል ባለቤቱ ይከተላል። በአማርኛ ቢሆን የመንግሥት ቤት ነው ምንለው፣ ግን የመንግሥት ቤት ስንል ሌላ ነገር ነው ሚገባን፣ ቀበሌ ያከራየው ቤት። ሁለቱም እነዛው ቃላት ናቸው፣ አንዱ የድሮውን አንዱ ያሁኑን ቅደም ተከተል ይዞ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ እንደሚያደርግ ሁሉ ገላጩንም ከስሙ ያስቀድማል፣ «ትናንት የገዛሁት ጫማ» እንደምንለው። «በጠረጴዛው ላይ» ደግሞ መሃል መንገድ ላይ የቀረ ነው፣ «በ» ከፊት የድሮው፣ «ላይ» ከኋላ ያዲሱ።

እሺ ጎረቤት ነው እንበል፣ ጎረቤቱስ ለምን? እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ 2008 ላይ የታተመ ሙከራ አለ። እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛና ቱርክኛ ተናጋሪዎችን ድምፅ ሳታወጡ በእጃችሁ ብቻ ድርጊቱን አሳዩ ሲሏቸው፣ ቋንቋቸው ግሱን መሃል የሚያደርግ ሰዎችም አድራጊውን፣ ከዛ የሚደረግበትን ነገር፣ ከዛ ድርጊቱን አሳዩ። ልክ እንደኛ። በኋላ በተሠሩ ሙከራዎች ግን ሁለቱም ወገን ሰው ሲሆን፣ ማለትም ልጁ ልጅቷን ገፋት ዓይነት ሲመጣ፣ ብዙዎቹ ድርጊቱን መሃል አስገቡት። ምክንያቱ ይገባል፣ ሁለት ሰው ተከታትሎ ከመጣ ማን ማንን እንደገፋ በምን ይለያል? ግሱ መሃል ከገባ ግን በፊት ያለው ገፊ ከኋላ ያለው ተገፊ ነው።

እኛ ያንን ችግር በ«ን» ፈታነው። «አበበ ከበደን መታ» ብንል «ከበደን አበበ መታ» ብንል ተመቺው ከበደ ነው። እንግሊዝኛም ድሮ እንዲህ ስሞቹ ላይ ምልክት ነበረው፣ ምልክቱ እየረገፈ ሲሄድ የቃላቱ ቦታ ጠበቀ፣ ግሱም መሃል ቆመ። ሁሌ ግን እንዲህ ነው ማለት አይደለም፣ ዝንባሌ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ እንደ አይስላንድኛ ምልክቱን ሳይጥል ግሱን መሃል የሚያደርግም አለ።

ሥራዬ ላይ ስመለስ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ሐኪሙን ገና ሳንጀምር «ዝም ካልኩ ሰውየው ገና ግሱን አልተናገረም ማለት ነው፣ ጠብቀኝ» እለዋለሁ፣ ታማሚው «ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት...» ብሎ ትንፋሽ ሲወስድም እስክሪብቶዬን ይዤ ቀጣዩን ቃል እጠብቃለሁ።