ሦስት ደቂቃ ማሽን ውስጥ የቆየው ኤመራልድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በወርቅ ሥራ እተዳደራለሁ። የቆሸሸ ወርቅና ብር ሲመጣልኝ ውኃን እያርገበገበ በሚያጸዳ አልትራሶኒክ ማሽን ውስጥ መክተት እጄ የለመደው ሥራ ስለነበር፣ አንዲት እናት በፋሲካ ዋዜማ የልጃቸውን ቀለበት ሲያመጡልኝም ብዙ አላሰብኩም። ቀለበቱ ላይ የሻኪሶ ኤመራልድ፣ መጽሐፍ ቅዱስ መረግድ የሚለው አረንጓዴ ድንጋይ ነበረበት። ከድንጋዩ ሥር ሊጥና ቅቤ ተጠራቅሞ ስለደረቀ ብርሃኑ ደብዝዞ ነበር። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት ንጹሕ አድርጌ አስረክብዎታለሁ» ብዬ ተቀበልኳቸው፤ እንደ ልማዴም በአሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር በኩል በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ያ ፎቶ ኋላ ላይ ጥፋቴን ልክ በልኩ ለማወቅ ረድቶኛል።

ማሽኑን 60 ዲግሪ አሙቄ፣ ሳሙና ጨምሬ ለሦስት ደቂቃ አስገባሁት። ሲወጣ ወርቁ ያበራ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ቀድሞ ልብ ያላልኳቸው ሁለት ነጫጭ መስመሮች ታይተውበት ነበር። የሳሙና ቅሪት መስሎኝ በውኃ አለቀለቅኩት። እርጥብ ሳለ መስመሮቹ ደበዘዙ፤ ሲደርቅ ግን እንደገና ነጥተው ወጡ። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ይታጠብ ነበር። ውኃ ሲገባበት የሚጠፋና ሲደርቅ የሚመለስ መስመር ግን እስከ ድንጋዩ ገጽ የተከፈተና ባዶ የቀረ ስንጥቅ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤመራልድ ውስጡ ጥርት ብሎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሌሎች ማዕድናት ቅንጣት፣ ፈሳሽ የያዙ ጥቃቅን ጉድጓዶችና የጸጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አሉበት። ስለዚህ ከተቆረጠ በኋላ ስንጥቁ ውስጥ ዘይት ይሞላል፤ ይህም በዓለም ገበያ የተለመደ አሠራር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የሴዳር ዘይት ነው (እኛ ዝግባ ከምንለው ዛፍ ጋር አይምታታ)። ብርሃን ከድንጋዩ ወደ አየር ሲሻገር በኃይል ስለሚታጠፍና ስለሚንጸባረቅ ባዶ ስንጥቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብርሃንን የማጠፍ አቅሙ በአየር 1፣ በኤመራልድ 1.58 ገደማ፣ በዘይቱ ደግሞ 1.51 ገደማ ስለሆነ፣ ዘይት ሲገባ ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠገንም።

አልትራሶኒክ ማሽን የሚያጸዳው ውኃውን በሴከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያርገበገበ፣ ጥቃቅን አረፋዎችን እየፈጠረና እያፈነዳ ነው። ወርቅ ላይ ቆሻሻ የሚነቅለው ያ ኃይል ኤመራልድ ላይ ዘይቱን ከስንጥቁ ይነቅላል፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ሳሙናው ይዞት ይወጣል። ከዚህ የባሰው ግን ንዝረቱ የነበረውን ስንጥቅ ሊያስረዝመው መቻሉ ነው፤ ጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ሲሞቅ ይሰፋና ዙሪያውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ኤመራልድ በጥንካሬ መለኪያ 7 ተኩል እስከ 8 ነው ሲባል ሰምተን የምንታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ቁጥር የሚናገረው ድንጋዩ በቀላሉ እንደማይጫር እንጂ እንደማይሰነጠቅ አይደለም።

ፎቶውን ከድንጋዩ ጋር ሳስተያይ የመጀመሪያው መስመር ቀድሞም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት በስሱ ይታይ ነበር፤ እዚያ የጠፋው ዘይቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን በፎቶው ላይ መሐል ላይ ያቆም የነበረ ሲሆን፣ አሁን በግራ በኩል እስከ ጠርዙ፣ የወርቁ ጥፍር እስከሚይዘው ድረስ ደርሷል። ይህ የእኔው ሥራ ነበር።

በማግሥቱ እናትየው ሲመጡ ሁለቱንም አሳየኋቸው። «ታዲያ እንዲህ መሆኑን ሳታውቅ ነው የከተትከው ልጄ?» አሉኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ወጪውን ችዬ ድንጋዩን ከቀለበቱ አውጥቼ አዲስ አበባ ወዳለ የድንጋይ ባለሙያ ላክሁት። እርሱም የቀረውን አሮጌ ዘይት በአሴቶን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለብ ባለ የሴዳር ዘይት ውስጥ ከትቶ አየሩን በፓምፕ መጠጠው፤ አየሩ ከስንጥቁ ሲወጣ ዘይቱ ቦታውን ይይዛል። የመጀመሪያው መስመር ጠፋ። የተራዘመው ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ኤመራልድ ሲመጣልኝ ለብ ያለ ውኃ በሳህን አድርጌ፣ አንድ ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ቆሻሻው የሚጠራቀምበትን ከሥሩ ያለውን ክፍል ብቻ በዝግታ እቦርሻለሁ። አልዘፈዝፈውም፤ በእንፋሎት አላጸዳውም፤ አልኮልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ዘይቱን ስለሚያሟሙ አላስጠጋበትም። የቀለበቱ ወርቅ መበየድ ካለበት ድንጋዩን አስቀድሜ አወጣለሁ። ለባለቤቶቹም ሊጥ ሲያቦኩና ዕቃ ሲያጥቡ እንዲያወልቁት፣ ዘይቱም በጊዜ ብዛት እየደረቀ ስለሚሄድ መስመሮቹ ነጥተው ከወጡ እንደገና ማስሞላት እንደሚቻል እነግራለሁ። የእናትየው ልጅ ቀለበቱን አሁንም ታደርገዋለች፤ ባለፈው ስትመጣ በመስኮቱ ብርሃን ጋደል አድርጌ ሳየው በግራ በኩል ባለው የወርቁ ጥፍር ሥር ያለው መስመር እዚያው ነበር፣ ደግነቱ አልረዘመም።