የሁለት ቀላል ትንበያዎች አማካይ፦ የሦስተኛ ሳምንት ልምምዴ

ትንበያ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በዚህ ሳምንት የያዝኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የሁለት ሞዴሎችን ትንበያ ደምሮ ለሁለት ማካፈል እውነት ይጠቅማል? ይጠቅማል የሚል ብዙ አንብቤያለሁ። ግን ቁጥሩን በእጄ ሠርቼ እስካላየው ድረስ ልቤ አልተቀበለውም።

ዳታው ትንበያ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከ1949 እስከ 1960 በየወሩ የተመዘገበ የዓለም አቀፍ በረራ መንገደኞች ብዛት ነው፤ ቁጥሩ በሺህ ነው፣ ዘመኑም ወሩም እንደ ፈረንጆቹ። `AirPassengers` በሚል ስም ታገኙታላችሁ። የ1960ን አሥራ ሁለት ወራት ደበቅኩና ከዚያ በፊት ባለው ብቻ ለመተንበይ ሞከርኩ።

ሁለት ዘዴ ወሰድኩ። ሁለቱም በኤክሴል የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያውን «አባዢው» እለዋለሁ። የ1959 ጠቅላላ ድምር ከ1958ቱ 12.4 ፐርሰንት ይበልጣል። ስለዚህ የ1959ን እያንዳንዱን ወር በ1.124 አባዛለሁ፣ አለቀ። ሁለተኛው «ደማሪው» ነው። ከ1955 እስከ 1959 ጠቅላላው በዓመት በአማካይ 433 እየጨመረ መጥቷል፣ ያንን በ1959ኙ ላይ ስደምር ለ1960 5,573 ይወጣል። ከዚያ ባለፉት ሦስት ዓመታት እያንዳንዱ ወር ከጠቅላላው ስንት ፐርሰንት እንደያዘ አይቼ ድምሩን ለወራቱ አከፋፍላለሁ።

ሴፕቴምበርን እንይ። አባዢው 463ን በ1.124 አባዝቶ 520 አለ። ደማሪው ወሩ የዓመቱን 9 ፐርሰንት ገደማ ስለሚይዝ 501 አለ። አማካያቸው 511 ነው። እውነተኛው ቁጥር 508 ነበር። አንዱ በ12 አለፈ፣ ሌላው በ7 ጎደለ፣ አማካዩ የሳተው በ3 ብቻ ነው።

ማለፉንም መጉደሉንም እኩል እንደ ስህተት ቆጥሬ አሥራ ሁለቱን ወር አንድ ላይ ስወስድ የአባዢው አማካይ ስህተት 13.4፣ የደማሪው 15.8፣ የሁለቱ አማካይ ደግሞ 12.9 ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን ከሁለቱም ይሻላል። አማካዩን ለማውጣት የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦

```
=AVERAGE(B2:C2)
```

ለምን እንዲህ እንደሆነ ወር በወር ፈትሼ አየሁ። ሁለቱ ትንበያዎች በተመሳሳይ አቅጣጫ ሲሳሳቱ አማካያቸው በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ከደካማው ይሻላል፣ ከጎበዙ ይብሳል። አንዱ አልፎ ሌላው ሲጎድል ግን ስህተታቸው ይጣፋል። በእኔ ዳታ እንዲህ የሆነው በ5 ወራት ነው፤ ትርፉ በሙሉ የመጣው ከእነዚያ ነው። አባዢው ዕድገት እየፈጠነ ይሄዳል ብሎ ስለሚያስብ ወደ ላይ ያጋድላል። ደማሪው ዕድገት እኩል እርምጃ ይሄዳል ስለሚል ወደ ታች ያጋድላል። የጠቀመኝ ይህ የአስተሳሰብ ልዩነታቸው ነው።

ሁለቱም አንድን ነገር ሳያዩት ቢቀሩስ? ማርች ላይ ያጋጠመኝ ይህ ነው። እውነቱ 419 ሆኖ ሳለ አባዢው 456፣ ደማሪው 443 አሉ። ሁለቱም አብዝተዋል። ኤፕሪል ላይ ደግሞ ሁለቱም አሳነሱ። መጀመሪያ ቀመሬ የተሳሳተ መስሎኝ ደጋግሜ አየሁት። በኋላ የቀን መቁጠሪያ ስገልጥ ነገሩ ገባኝ። የምዕራባውያን ፋሲካ በ1959 ማርች 29 ነበር፣ በ1960 ግን ኤፕሪል 17 ዋለ። የፋሲካ ተጓዥ ከወር ወደ ወር ተዛውሯል ማለት ነው። ፋሲካ ከዓመት ዓመት እንደሚንቀሳቀስ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም፣ ግን ቀመሮቼ ያንን አያውቁም። ሁለት ሞዴል ቀርቶ እንደ እነሱ ያሉ ሃያ ሞዴሎች ቢደመሩ ማርችን አያድኑትም።

ከዚያ ወደ ክብደት ጉዳይ ገባሁ። እኩል ከማካፈል ይልቅ ለጎበዙ ሞዴል የበለጠ ድርሻ ብሰጠውስ? ጎበዙን ለማወቅ ደግሞ ያለፈውን ማየት ነው። እናም 1959ን በተመሳሳይ መንገድ ደብቄ ተነበይኩት። የአባዢው ስህተት 34.3፣ የደማሪው 13.7 ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ1958 ጉዞው ብዙም አላደገም፣ 3.4 ፐርሰንት ብቻ። አባዢው ያንን ዝግ ያለ ዓመት ይዞ ተነሳ፣ 1959 ግን ተስፈነጠረ።

ይህን ያየ ሰው «ደማሪውን ብቻ ያዝ» ይላል። እኔም ያን ጊዜ ብጠየቅ እንደዚያ እል ነበር። ግን በ1960 ደማሪው ብቻውን 15.8 ስቷል፣ አባዢውም በልጦታል። አንድ ዓመት አይቶ የተመረጠ ጎበዝ በሚቀጥለው ዓመት ጎበዝ አልሆነም። ለዘብ ያለ ክብደትም ሞከርኩ፤ በ1959 ስህተታቸው መሠረት ለደማሪው 71፣ ለአባዢው 29 ፐርሰንት ሰጠሁ። የ1960 ስህተት 12.8 ሆነ። እኩል ሲካፈል 12.9 ነበር። ያ ሁሉ ስሌት ያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ክብደቱ ራሱ ከጥቂት ወራት የተገመተ ቁጥር ነው፤ ግምቱ ሲሳሳት ስህተቱ ትንበያው ውስጥ ይገባል። እኩል ማካፈል ምንም ስለማይገምት ከዚህ ስህተት ነፃ ነው።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። በ1959 እኩል አማካዩ 23.1 ስቷል፣ ደማሪው ብቻውን በጣም ይሻል ነበር። ሁለቱም በአብዛኛው ወደ ታች ስለተሳሳቱ ብዙ የሚጣፋ ነገር አልነበረም። አማካይ ሁልጊዜ አንደኛ አይወጣም። የተረጋገጠው ነገር ስህተቱ ከሁለቱ ስህተቶች አማካይ እንደማይበልጥ ነው።

ማንን እንደምትደምሩም ወሳኝ ነው። «ደጋሚው» ያልኩትን ሦስተኛ ዘዴ ጨመርኩ፤ አምና የነበረውን ቁጥር እንዳለ የሚደግም ነው። በየዓመቱ ለሚያድግ ዳታ ሁልጊዜ ያሳንሳል፤ ብቻውን ስህተቱ 47.8 ነው። ሦስቱን ስደምር ከ12.9 ወደ 20.8 ተበላሸ። በዚህ ላይ ያወጣሁት መመዘኛ ቀላል ነው። አንድ ዘዴ በሁሉም ወራት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚስት ከሆነ፣ ከመደመሩ በፊት ወይ ይታረማል ወይ ይወጣል።

የእኔ ሙከራ አንድ ዳታ፣ ሁለት ዓመት ነው። ብዙ ማስረጃ ለሚፈልግ በ2018 የትንበያ ተመራማሪው ስፓይሮስ ማክሪዳኪስ የመራው «ኤም 4» የሚባል ውድድር አለ። 100,000 ተከታታይ ዳታ የተተነበየበት ነው። በትክክለኛነት ቀዳሚ ከሆኑት 17 ዘዴዎች 12ቱ በአብዛኛው የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ቅይጥ ነበሩ። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ደግሞ የሦስት ቀላል ዘዴዎች ተራ አማካይ ነበር፤ የቀረቡት ስድስት ንጹህ የማሽን ለርኒንግ ዘዴዎች አንዳቸውም አልበለጡትም። በእርግጥ አንደኛ የወጣው ውስብስብ ሞዴል ነው። እሱም ቢሆን የስታቲስቲክስ ቀመርና ኒውራል ኔትወርክ የተቀየጡበት ነው። ትንበያዎችን የመደመር ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ቤትስና ግሬንጀር በ1969 ባሳተሙት ጥናት ምሳሌ ያደረጉት የአውሮፕላን መንገደኞችን ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ፋሲካ የዋለበትን ወር የሚያውቅ አዲስ ሞዴል እሠራለሁ። የማርችና የኤፕሪል ስህተት ምን ያህል እንደሚወርድ ቁጥሩን ይዤ እመለሳለሁ።