ከሠንጠረዡ ውስጥ አንዷን መስመር አውጥቶ ማሳየት

የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት ያገላበጠ ሰው የሕፃናት ሥርዓተ ምግብ ሠንጠረዡን ያውቀዋል። ወደ ታች የልጁ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የእናት ትምህርት፣ ክልል፣ የሀብት ደረጃ ይደረደራሉ። ወደ ጎን ደግሞ መቀንጨር፣ መክሳትና የክብደት ማነስ አሉ፣ እነሱም በየራሳቸው ተከፋፍለው። ገጹ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። እኔ ይህን ሠንጠረዥ አማራ ክልል ውስጥ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች ስብሰባ ላቀርብ ነበር። እንዳለ ለጥፎ "ይቅርታ፣ ትንሽ ይደቃል" ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን የሚያነቡት ነገር እንዲያገኙ ፈለግኩ።

ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ "በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ የቀነጨሩ ናቸው።" የስላይዱ ርዕስ ይኸው ሆነ። "የመቀንጨር ሁኔታ በክልል" የሚል ርዕስ ምን እንደሚታይ ይናገራል እንጂ ምን እንደተገኘ አይናገርም። ዓረፍተ ነገሩ ከተገኘ በኋላ መቀነሱ ቀላል ነው፤ እሱን የማያግዝ ዓምድ ሁሉ ይወጣል።

ዓምድ ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። በመቀንጨር ሥር፣ የልጁ ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በስንት መደበኛ ልይይት እንደሚያንስ የሚያሳዩ "ከ-3 በታች" እና "ከ-2 በታች" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ከባድ መቀንጨር ነው፣ ሁለተኛው ግን ከባዱንም ጨምሮ የያዘ ነው። ጥናቱ በተካሄደበት በ2008 ዓ.ም. በአገር ደረጃ 18 እና 38 በመቶ ነበሩ። ሁለቱንም ስላይድ ላይ ብታስቀምጡ አንድ ሰው ደምሮ 56 ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ "ከ-2 በታች" የሚለውን ብቻ አስቀረሁ፣ የነጥብ ቁጥሩንም አጠጋጋሁት። 46.3 የሚለው ከ46 የተለየ ውሳኔ አያስወስንም።

የሌሎቹን ክልሎች መስመር አላጠፋሁም። 46 ብቻውን ሲቆም ብዙ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። ያኔ የነበሩት ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች ከአገሩ አማካይ ጋር 12 መስመር ይሆናሉ። ሪፖርቱ ክልሎችን በተለመደው ቅደም ተከተል ነው የሚያስቀምጣቸው፤ እኔ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው አስተካከልኳቸው። አማራ 46 ብሎ አናት ላይ ወጣ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 43፣ አፋር 41 እያለ ወርዶ አዲስ አበባ 15 ላይ ያበቃል። አማካዩን፣ 38ን፣ ቦታው ላይ በቀጭን መስመር ለየሁት። ሰፊው ስላይድ ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከርዕሱና ከምንጩ የተረፈው ለ12 መስመር ሲካፈል 20 ነጥብ ፊደል በደንብ ይይዛል። ከዚያ በታች መውረድ ካስፈለገ መስመሩ በዝቷል ማለት ነው።

መስመሯን ማድመቁ ላይ የአማርኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። `Nyala` ደማቅ ቅርጽ የለውም። ደማቅ አድርግ ስትሉት ፕሮግራሙ መስመሩን ዝም ብሎ ያወፍረዋል፤ ከሩቅ ሲታይ የ"ጨ" እና የ"ጬ" ዓይነት ልዩነት ይጠፋል። `Noto Sans Ethiopic` ግን በትክክል የተሠራ ደማቅ ቅርጽ አለው። እሱ ባይኖር እንኳ ከማወፈር ይልቅ ከመስመሯ ጀርባ ቀለም ማድረግ ይሻላል። እኔ የአማራን መስመር ብርቱካናማ አደረግኩ፣ የቀሩትን ጥቁር ግራጫ። ሐመር ግራጫ ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ መጋረጃ የሌለው አዳራሽ ውስጥ ግን ጨርሶ አይታይም። ሠንጠረዡን የሚከፋፍሉትን ድንበሮች ሁሉ አነሳሁ፤ ዓይን የሚያርፍበት ቀለም አንድ ብቻ ይሁን።

ከግርጌ ያለው የምንጭ መስመርም እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጥናቱ የ2016 ነው፣ በፈረንጆቹ። እንዲሁ "2016" ብዬ ብተወው ታዳሚው በእኛ አቆጣጠር ያነበውና መረጃው ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። "2008 ዓ.ም." ብዬ ጻፍኩ።

ሲቀርብ አዳራሹ ወዲያው ወደ ነገሩ ገባ። አንድ አንጋፋ የግብርና ባለሙያ እጃቸውን አውጥተው "ስለዚህ ከሁሉም ክልል ብዙ የቀነጨረ ልጅ ያለው እኛ ጋ ነው ማለት ነው?" አሉ። አይደለም። 46 በመቶ ድርሻ እንጂ ብዛት አይደለም። ኦሮሚያ በመቶኛ ዝቅ ቢልም የሕፃናቱ ቁጥር በጣም ስለሚበልጥ በብዛት ይቀድማል። ይህን አስረዳኋቸውና ስብሰባው ካለቀ በኋላ ከዓምዱ አናት ላይ "ድርሻ፣ ከ100 ልጆች" የሚል ጨመርኩ። እንዲህ ዓይነት ደማቅ መስመር ሰውን ቶሎ ወደ ድምዳሜ ይወስዳል፣ ስለዚህ መለኪያው ምን እንደሆነ እዚያው አጠገቡ መጻፍ አለበት።