የሲኮችን የመጀመሪያ መስመር ወደ አማርኛ ስመልስ የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች

ዱባይ በምሠራበት መጋዘን ዕቃ የሚያመላልሱት ሹፌር ከፑንጃብ የመጡ ሲክ ናቸው። ሁላችንም «ፓጂ» ነው የምንላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናውን ከማስነሳታቸው በፊት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው የሆነ ነገር በቃላቸው ይላሉ። አጭር ነው። አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

አንድ ቀን ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው። ቀስ ብለው ደገሙልኝ፣ እኔም ደብተሬ ላይ በፊደላችን ጻፍኩት፦ ኢክ ኦንካር፣ ሳት ናም፣ ካርታ ፑራክ፣ ኒርባው፣ ኒርቬር፣ አካል ሙራት፣ አጁኒ፣ ሴባንግ፣ ጉር ፕራሳድ። «ሙል ማንታር» ይሉታል። «ሙል» ሥር ማለት ነው። የቅዱስ መጽሐፋቸው የጉሩ ግራንት ሳሂብ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ 1430 ገጽ ያለው መጽሐፍ በዚህ ይከፈታል። «ጉሩ» መምህር ማለት ነው፤ ቃሉ የሃይማኖታቸው መሥራች የጉሩ ናናክ ነው፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1469 እስከ 1539 የኖሩ ናቸው። መጽሐፉን በ1604 አሰባስበው ያስጻፉት አምስተኛው ጉሩ፣ ጉሩ አርጃን ናቸው።

ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ተነሳሁ። ዘጠኝ ሐረግ ነው፣ አንድ ምሽት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ስህተት የመጣው ከራሳችን ፊደል ነው። «አካል» ብዬ የጻፍኩትን ከሳምንት በኋላ ሳነበው ሰውነት ሆኖ ታየኝ፣ «ሙራት» ደግሞ መልክ ነው ስለተባልኩ «የአካል መልክ» ብዬ ተረጎምኩት። የፑንጃቢው ቃል ግን ሁለተኛው ድምፅ ረዝሞ የሚነበብ ነው። «ካል» ጊዜ ነው፣ ሞትም ነው። ፊቱ ላይ ያለችው «አ» ታፈርሰዋለች። ጊዜ የማይገዛው፣ ሞት የማይደርስበት ማለት ነው። እኔ የጻፍኩት ከዚህ ጋር ተቃራኒ ሊባል ምንም አልቀረውም። «ካርታ»ም እንደዚሁ የእኛ ካርታ አይደለም፣ ሠሪ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛ የሚመስል ቃል ሲገጥመኝ አጠገቡ ምልክት እያደረግኩ፣ ፓጂን ሳልጠይቅ ማለፍ አቆምኩ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ሐረግ ነው። «ኢክ ኦንካር»ን «አንድ አምላክ» ብዬ ማለፌ ስህተት አልመሰለኝም ነበር። ፓጂ ስልካቸውን አውጥተው የጽሑፉን ሥዕል አሳዩኝ። መጀመሪያ ላይ ያለው ቃል አይደለም። ቁጥር ነው! በጉርሙኪ ፊደል የተጻፈ 1። ከጎኑ «ኡራ» የሚባለው የፊደላቸው የመጀመሪያ ሆሄ አለ፣ አናቱ ክፍት ሆኖ፣ ከላዩ ረጅም መስመር ታጥፎ ይወጣል። መጽሐፉን በእጃቸው የጻፉት ባይ ጉርዳስ ራሳቸው በግጥማቸው ይህንን ያነሱታል፤ መጀመሪያ አንዱ ተጻፈ፣ ኡራ ከጎኑ እንዲቀመጥ ተደረገ ይላሉ።

ለምን ቁጥር? ብዙ ሲኮች እንዲህ ያስረዳሉ። «ኦንካር» ከሂንዱዎቹ «ኦም» ጋር ዝምድና ያለው ቃል ነው። ኦምን ደግሞ በሦስት ድምፅ ከፍለው ለሦስት አማልክት የሚሰጡ አሉ። ፊቱ ላይ 1 ሲቆም መክፈል አይቻልም። ቃል ቢሆን «አንዱ» ተብሎ ሊተረጎም፣ ሊጣመም ይችላል፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው።

ይህን ስሰማ የኛ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ፩ አምላክ» ብለው ሲጀምሩ «አሐዱ»ን በቁጥር የሚያሰፍሩ ብዙ ናቸው። ሐሳቡ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ የኛው የሥላሴን አንድነት የሚናገር ነው፣ የእነሱ ሌላ ነው። ግን ያንን ያየ አማርኛ አንባቢ በቁጥር የተጻፈ አንድ ምን ክብደት እንዳለው ሳይነገረው ይገባዋል። ስለዚህ «አንድ» የሚለውን ሰርዤ ፩ ጻፍኩ። «ኦንካር»ን ሳልተረጉም ተውኩት።

«ሳት ናም» ላይ ብዙ አልቆየሁም። «ናም» ስም ነው፣ «ሳት» እውነት ነው። ነገር ግን «ሳት» ሥሩ መኖር ከሚል የመጣ ስለሆነ እውነቱ የሐሰት ተቃራኒ ብቻ አይደለም፣ የማይጠፋ፣ ያለ ማለትም ነው። «ካርታ ፑራክ» ላይ ግን ተቸገርኩ። ፑራክን «አካል» ልለው ነበር፣ ለእኛ ግን አካል የሥላሴ ትምህርት ቃል ነው፣ አንባቢው ወዲያው ወደዚያ ይሄድብኛል። ፓጂ ሲያስረዱኝ ሠርቶ ዞር ያለ ሳይሆን በሠራው ውስጥ ሞልቶ ያለ ነው አሉኝ። ስለዚህ «ሁሉን ሠርቶ በሁሉ ያለ» አልኩት። ረዘመ፣ ግን አልዋሸም።

«ኒርባው» እና «ኒርቬር» መንታ ናቸው። «ኒር» የለሽ ማለት ነው። «ባው» ፍርሃት። «ቬር»ን ጠላት ነው ብዬ «ጠላት የሌለው» ብዬ ጻፍኩና ለፓጂ በሂንዲ መልሼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሰውማ እሱን ሊጠላ ይችላል። እሱ ግን ማንንም አይጠላም» አሉኝ። ቬር ጠላትነት ነው፣ ቂም ነው። እኔ ያልኩት ስለ ሌሎች ነበር፣ መስመሩ የሚናገረው ስለ እሱ ነው። አንድ «ነት» በመጉደሉ ትርጉሙ ዞረ። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸውም ከቁጥሩ ጋር ይያያዛል፤ ከእሱ ውጭ ሌላ ከሌለ የሚፈራው የለም፣ ሁሉ የእሱ ከሆነም የሚቀየመው የለም።

«አጁኒ» ከማህፀን የማይወለድ ማለት ነው። ይህን በቦታው ማንበብ ያስፈልጋል። ናናክ ባደጉበት አገር ነፍስ ከአንዱ ሥጋ ወደ ሌላው እየተወለደች ትዞራለች የሚል እምነት ነበር፣ አማልክትም በሥጋ ይወለዳሉ ይባላል። አጁኒ ፈጣሪ በዚህ ዙር ውስጥ አይገባም ነው የሚለው። ክርስቲያን አንባቢ እዚህ ጋ ከራሱ እምነት ጋር መለያየቱ ይሰማዋል፣ እኔም ተሰምቶኛል። ለማለስለስ ብዬ «ዘላለማዊ» ልለው አስቤ ነበር፣ ግን ያ የእነሱን ቃል መስረቅ ይሆናል። እንዳለ ተውኩት። «ሴባንግ» በራሱ ያለ ነው፣ ከማንም ያልመጣ።

አሁን ወደ መጨረሻው። ጀበል አሊ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የጸሎት ቤታቸው፣ ጉሩድዋራ የሚሉት ጋ፣ ፓጂ ወስደውኝ ነበር። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፣ ማንም ይሁን ማን ወለል ላይ ተቀምጦ በነጻ ይበላል። ጸሎቱ አልቆ ስንወጣ በሁለት እጄ ስቀበል ሞቅ ያለ፣ ቅቤው ጣት ላይ የሚቀር ነገር መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። የስንዴ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር እኩል እኩል ሆነው በውሃ የሚሠራ ነው። «ፕርሻድ» አሉኝ። እኔም «ጉር ፕራሳድ»ን «የጉሩ ምግብ» ብዬ ጻፍኩት። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ሥሩ ግን ጸጋ፣ በፈቃድ የተሰጠ ስጦታ ማለት ነው፣ ምግቡም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ዋናው ነገር ግን የመጨረሻዋ ምልክት ነበረች። በጉርሙኪ «ፕራሳዲ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ሲነበብ «ፕራሳድ» ነው። ያቺ «ኢ» አትነበብም። እንደኛ ሣልስ ናት፣ ግን ከሆሄው በፊት በግራ ትጻፋለች፣ ስለዚህ ማን ላይ እንደምትውል ካላወቅክ ታሳስታለች። እዚህ ቦታ ሥራዋ የኛን «በ» መሥራት ነው፦ በጸጋ። «ጉር» ደግሞ ካዕቡን ጥሎ ባዶ መምጣቱ «የጉሩ» ያሰኘዋል። «በጉሩ ጸጋ»። ከፊት ያሉት ሁሉ ስለ ፈጣሪ ይናገራሉ፣ ይህ ግን በምን በኩል እንደሚታወቅ ይናገራል።

በጣም ደስ ስላለኝ ሕጉን በየቦታው ተጠቀምኩበት። «ሳቲ»ም ሣልስ አላት፣ «ሙራቲ»ም አላት። «በእውነት» እና «በመልክ» ብዬ መለስኳቸው። ሁለቱም ስህተት ናቸው። እነዚህ ቃላት ምልክቷን ይዘዋት የመጡት ከጥንቱ ከሳንስክሪት ነው፣ ምንም አገባብ አትጨምርላቸውም። አሁን ምልክቷን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ቃሉ ከነሥሩ አብራው የነበረች ናት ወይስ ለአገባብ የገባች ነው የሚለውን ነው።

ሌላ ያስተዋልኩት አለ። ሙሉው መስመር በመጽሐፉ ውስጥ 33 ጊዜ ይመጣል። ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ግን «ኢክ ኦንካር፣ ሳትጉር ፕራሳድ» ተብሎ አጥሮ ነው የሚመጣው። መሃሉ ሲወጣ ቁጥሩና ጸጋው ይቀራሉ። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ለጫፍና ጫፉ ብዙ ጊዜ የሰጠሁት።

አንድ ነገር ቀረኝ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ በየሐረጉ «ነው» ነበረ። ስሙ እውነት ነው፣ ፍርሃት የሌለው ነው፣ በራሱ ያለ ነው። ለፓጂ ሳነብላቸው አማርኛውን ባይሰሙትም «ለምንድን ነው በየቦታው የምትቆመው?» አሉኝ። እውነትም ዋናው ውስጥ አንድም ግስ የለም። ቁጥሩ ይነሳል፣ ስሞቹ ይከተሉታል፣ ያበቃል። «ነው»ን ሁሉ አወጣሁ። የቀረው ይህ ነው፦

፩ ኦንካር፣ ስሙ እውነት፣ ሁሉን ሠርቶ በሁሉ ያለ፣ ፍርሃት የሌለበት፣ ቂም የሌለበት፣ ዘመን የማይነካው ህላዌ፣ ከማህፀን የማይወለድ፣ በራሱ ያለ፣ በጉሩ ጸጋ።

«ህላዌ» የሚለው እስካሁን አላረካኝም። ሙራት መልክ ነው፣ የሚታይ ነገር ሽታ አለው፣ ህላዌ ደግሞ ያንን ያጠፋዋል። «መልክ» ስል ግን ፓጂ ወዲያው ምስል እንዳይመስልህ ይሉኛል፣ እነሱ ለምስል አይሰግዱምና። ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፌያቸዋለሁ።